የጎደለ የምንዛሪ ተመን ዜሮ አይደለም

አምስት ወንድምና እኅቶች የወላጆቻቸውን ቤት ለማሳደስ ገንዘብ ያዋጣሉ እንበል። አንዱ ዋሽንግተን ነው፤ 300 ዶላር ይዟል። ፍራንክፈርት ያለችው 400 ዩሮ፣ ቴል አቪቭ ያለው 2,000 ሼቄል፣ ሪያድ ያለችው 3,000 ሪያል፣ አዲስ አበባ የቀረው ታናሽ ደግሞ 140,000 ብር አስቀምጠዋል። ሁሉም የሚያዩት አንድ የጋራ ሠንጠረዥ አላቸው። ፋይሉ በተከፈተ ወይም በታደሰ ቁጥር የዕለቱን ተመን ከኢንተርኔት ያመጣና ድምሩን በዶላር ያሳያል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ የሚወሳሰበው ከተመኖቹ አንዱ ሳይመጣ ሲቀር ነው።

ተመኑ የየትኛው ቀን ነው?

ብዙ ነፃ የተመን አገልግሎቶች ቁጥሩን የሚወስዱት ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ባንኩ የማጣቀሻ ተመኑን የሚያወጣው በሥራ ቀናት፣ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ አዲስ ተመን የለም። ስለዚህ ሠንጠረዡን ሰኞ ጠዋት የከፈተ ሰው የሚያገኘው የዓርብን ተመን ነው።

በዚህ ምንም ክፋት የለም። ክፋቱ ሠንጠረዡ «ዛሬ የታደሰ» ብሎ ሲጽፍ ነው። ተመኑ የመጣበት ቀንና ተመኑ የወጣበት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእያንዳንዱ ተመን አጠገብ መቀመጥ ያለበት ሁለተኛው ነው፤ እሱም ከምንጩ ራሱ መነበብ አለበት እንጂ `TODAY()` በሚለው ቀመር መሞላት የለበትም።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር የተመኑ አቅጣጫ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ሁሉንም የሚናገረው «ለ1 ዩሮ ስንት» ብሎ ነው። ለምሳሌ 1 ዩሮ 1.10 ዶላርና 4 ሼቄል ቢሆን፣ 2,000 ሼቄል መጀመሪያ ለ4 ተካፍሎ 500 ዩሮ ይሆናል፤ ከዚያ በ1.10 ተባዝቶ 550 ዶላር ይወጣዋል። 400 ዩሮው ደግሞ 440 ዶላር ነው። የሁለቱም የዩሮ ተመኖች የአንድ ቀን መሆን አለባቸው፤ የዓርብ ሼቄልና የማክሰኞ ዶላር ከተጋቡ የሚወጣው ውጤት የየትኛውም ቀን አይደለም።

ተመን የሚጠፋባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ጊዜያዊ ነው፤ በዓል ነው፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል ወይም አገልግሎቱ አልመለሰም። ይህን ጊዜ የመጨረሻውን የታወቀ ተመን ከነቀኑ መጠቀም ይቻላል። ግን የዕድሜ ገደብ ያስፈልገዋል። በምዕራባውያን ፋሲካ ባንኩ ከስቅለት ዓርብ እስከ ማግሥተ ፋሲካው ሰኞ ተመን ስለማያወጣ የሐሙሱ ቁጥር እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ይዘልቃል። ስለዚህ አምስት ቀን ለዩሮና ለሼቄል ተገቢ ገደብ ነው። ከዚያ ካለፈ ሠንጠረዡ ማስላቱን ትቶ ቢናገር ይሻላል። የአይስላንድ ክሮና ተመን በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከማዕከላዊ ባንኩ ዝርዝር ወጥቶ የተመለሰው በ2018 ነው፤ ገደብ የሌለው ሠንጠረዥ ያንን የቀውስ ዘመን ቁጥር ለዓመታት በዝምታ ይዞ በቆየ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘቡ ከዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። የሳዑዲ ሪያልም ሆነ ብር በማዕከላዊ ባንኩ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.75 ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ 3,000 ሪያል 800 ዶላር ነው ብሎ ማስላት አያሳስትም። ብር እንዲህ ያለ መልሕቅ የለውም። ከሌላ ምንጭ፣ ከብሔራዊ ባንክ ወይም ከንግድ ባንኮች ዕለታዊ ሰሌዳ፣ ተነብቦ በእጅ ይገባል፤ ቀኑና የመግዣ ወይም የመሸጫ ተመን መሆኑም አብሮ ይጻፋል።

ለብር አምስት ቀንም ሊበዛ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር በላይ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ። በ57.5 ሲሰላ 1,304 ዶላር የነበረ 75,000 ብር፣ በ75 ሲሰላ 1,000 ዶላር ሆነ ማለት ነው። የትናንት ተመን ብቻ ይዞ የተገኘ ሠንጠረዥ 300 ዶላር ያህል ያልነበረ ገንዘብ ያሳይ ነበር።

ድምሩ እንዳይዋሽ

አሁን የብሩ ተመን ጠፋ እንበል። የአራቱ ድምር 2,090 ዶላር ነው። ለብሩ 1 ዶላር በ140 ብር ብንወስድ 1,000 ዶላር ተጨምሮ 3,090 መሆን ነበረበት። ብዙ ሰው የስሕተት ምልክት ሲያይ ደስ ስለማይለው እንዲህ ይጽፋል፦

```
=IFERROR(B6/C6, 0)
```

ዓምድ B ገንዘቡን፣ ዓምድ C ለ1 ዶላር ስንት እንደሆነ ይይዛሉ፤ ቀመሩ የሚጻፈው በዓምድ D ነው። ይህ ቀመር ተመኑ ሲጠፋ ታናሽ ወንድም ምንም እንዳላዋጣ ይቆጥራል፤ 2,090 የሚለው ቁጥር ደግሞ ትክክለኛ ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም። በዜሮ ፋንታ የጠፋውን ተመን 1 ብሎ መሙላት ድምሩን 142,090 ዶላር ያደርገዋል። ይህኛው ቢያንስ ያስደነግጣል። ዜሮው የከፋው ስለማያስደነግጥ ነው።

የተሻለው የጎደለውን ጎደለ ማለት ነው፦

```
=IF(ISNUMBER(C6), B6/C6, "ተመን የለም")
```

ይሁንና እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። `SUM` ጽሑፍ ያለበትን ሴል ሳይናገር ይዘለዋል፤ ድምሩ አሁንም 2,090 ነው። ስለዚህ ከድምሩ አጠገብ የተሰሉትን ረድፎች የሚቆጥር ሌላ ሴል ያስፈልጋል፦

```
=IF(COUNT(D2:D6)<5, "ያልተሟላ ድምር", "ሙሉ")
```

አንባቢው የሚያየው «2,090 ዶላር፣ ያልተሟላ ድምር» ይሆናል፤ ከረድፎቹም ያልተሰላው 140,000 ብር መሆኑን ያነባል። ብሩ ጠፍቶ ሳይሆን ተመን አጥቶ እንደቀረ ያውቃል። የእያንዳንዱ መዋጮ መጠን በመጣበት ገንዘብ ምንጊዜም ከውጤቱ ጎን ሳይነካ መቀመጥ ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ተመኑ ሲገኝ እንደገና ማስላት የሚቻለው ዋናው ቁጥር ካለ ብቻ ነው።

መታደስ የሚያቆመው መቼ ነው?

በየቀኑ በሚመጣ ተመን የሚሰላው ድምር «ዛሬ ያለን ምን ያህል ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግምት ነው። ማንም ሳንቲም ሳይጨምር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ ስሕተት አይደለም። የማጣቀሻ ተመንም ለመረጃ የሚወጣ እንጂ ባንክ ወይም የሐዋላ ድርጅት የሚመነዝርበት አይደለም። ባንኩ ልዩነት፣ ሐዋላውም ክፍያ ይወስዳል።

ፍራንክፈርት ያለችው እኅት 400 ዩሮዋን መንዝራ 431 ዶላር እጇ ከገባ፣ ለእሷ ረድፍ ከዚያ በኋላ ተመን አያስፈልግም። 431 በቁጥር ይጻፋል፤ የተመነዘረበት ቀን ይያያዛል፤ ቀመሩ ይነሣል። ሳይነሣ ከቀረ ግን ሠንጠረዡ በታደሰ ቁጥር፣ በባንክ ደረሰኝ የተዘጋ ሒሳብ በየቀኑ ሌላ መጠን ያሳያል።