«እ» የምትሰማበት ጠረጴዛ

አንድ የማውቀው ወጣት አክስቱ ካስተዋወቀችው ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ፣ ቅዳሜ ማታ ባንድ የሚጫወትበት ምግብ ቤት ቀጠራት። ቤቱ ያምራል፤ ምግቡም አይታማም። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሲለያዩ ስለ እሷ ያወቀው የምትሠራበትን መሥሪያ ቤትና ክትፎዋን ለብለብ እንደምትወድ ብቻ ነበር። «ዝምተኛ ናት» አለኝ። እሷ ደግሞ ለአክስቱ «ልጁ ይጮኻል» ብላለች።

ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ እንዳስተዋለው፣ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይህንኑ ስለሚያደርግ አንዱ ጠረጴዛ ሌላውን እያስጮኸ ይሄዳል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ደህና የነበረ ቤት 3 ሰዓት ላይ ጆሮ የሚያደነቁረው ለዚህ ነው። እየጮኸ የሚያወራ ሰው ደግሞ ወሬውን ያሳጥራል። ስለ እናቱ ሊተርክ የጀመረው «ደህና ናት» ብሎ ይዘጋዋል።

እኛ ጋ ሌላም ነገር ይጠፋል። ማዳመጣችንን የምናሳውቀው ብዙ ጊዜ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እ» በማለት ነው። የውጭ ሰው ሲሰማት የደነገጥን ይመስለዋል። ለእኛ ግን «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» ማለት ናት። ስፒከር ሥር ይህች ትንፋሽ አትሰማም። የምትናገረው ልጅ ከግድግዳ ጋር የምታወራ ይመስላትና ታሪኳን መሃል ላይ ትተወዋለች። ወዳጄ «ዝምተኛ» ያላት ይህንን ነው ብዬ እገምታለሁ።

አክስትየው ሽምግልና ታውቅበታለችና ሁለተኛ ዕድል ተገኘ። በዚህኛው ጊዜ ቀጠሮው እሑድ 9 ሰዓት፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለች ሻይ ቤት ሆነ። ወዳጄ ከሳምንት በፊት በዚያው ቀንና ሰዓት ከጓደኛው ጋር ሄዶ ተቀምጦባታል። ማክሰኞ ጸጥ ያለ ቤት እሑድ ኳስ የሚታይበት ሊሆን ስለሚችል ቀኑና ሰዓቱ መመሳሰል አለበት። ድምፃቸውን ሳያነሱ አወሩ። ሦስት አራት ጊዜ «ምን አልክ?» መባባል ሲመጣ ከቡና ማሽኑና ከጁስ መፍጫው ራቅ ብለው ጥግ ያለ ጠረጴዛ ያዙ፤ ያን ጊዜ ቀለላቸው። በቀጠሮው ቀንም እዚያው ጥግ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን እሷ በአንዱ ጎን፣ እሱ በአጎራባቹ ጎን። እንዲህ ሲሆን አፍና ጆሮ ይቀራረባሉ፤ ዓይንም ሲፈልግ ይገናኛል፣ ሲያፍር ይሸሻል።

ሻይ ለምን? ከአንድ ትሪ መብላት ገና ለማይተዋወቁ ሰዎች ከባድ ነው። ጉርሻው ይሰጥ አይሰጥ ራሱ ጭንቀት ነው፤ አፍም በምግብ ተይዟል። ሻይ ጾመኛም ያልጾመም ይጠጣዋል። ርካሽ በመሆኑም ሂሳቡን ጋባዡ ቢከፍል ማንም ባለዕዳ ሆኖ አይነሳም። ከሁሉም የምወድለት ቶሎ ማለቁን ነው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ያልተመቸው ሰው «እንግዲህ ልሂድ» ለማለት ሰበብ አያጣም። የተመቸው ይደግማል።

እነሱ አልደገሙም፤ ለመራመድ ተነሡ። አስቀድሞ «ትንሽ እንራመድ ይሆናል» ብሏት ስለነበር ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች። ይህን ሳይናገሩ ታኮ ያደረገችን ሴት ማስኬድ ግፍ ነው። መንገዱ ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሙዚየም በር አልፎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደው ነው፤ ቀስ ብለው ሲሄዱት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ እንጦጦን አስቦ ነበር። እንጦጦ ግን ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ዳገቱን እየወጣ የሚያለከልክ ሰው ምን ያወራል? ቁልቁለት ትንፋሽ ያተርፋል።

ጎን ለጎን ሲሄዱ ዝምታው እንደ ጠረጴዛው ዝምታ አይከብድም። አንድ ዛፍ፣ አንድ የድሮ ቤት፣ አንድ ቆሎ ሻጭ ወሬ ያቀብላል። አውቶቡስ ሲያልፍ ግን ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው፤ በላዩ ላይ መጮህ ያው የቅዳሜው ማታ ይሆናል።

ይህ ዕቅድ ክረምት ላይ አይሠራም፤ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም፣ ስለዚህ ሻይ ቤቱ ብቻ ይበቃል። ከ12 ሰዓት በኋላም ይጨልማል። ገና የምታውቀውን ሰው ተከትላ ጭር ያለ መንገድ እንድትገባ ሴትን መጠየቅ አይገባም፤ በመኪና «ላድርስሽ» ማለትም ለሌላ ቀን ቢቆይ ይሻላል። አራት ኪሎን የመረጠው ለዚህም ነበር፤ ሰው አይጠፋም፣ ታክሲውም ለእሷ ወደ መገናኛ፣ ለእሱ ወደ ፒያሳ አለ።

ወዳጄ ያን ዕለት ማታ ደወለልኝ። ስለ አባቷ ሱቅ፣ ትምህርት አቋርጣ ስለተመለሰችበት ዓመት፣ ውሻ ስለምትፈራበት ምክንያት ሃያ ደቂቃ ነገረኝ። እኔም ስልኩን ይዤ «እ» እል ነበር።