ጳጉሜን ላይ የማያልቅ ጡረታ

የጡረታ አበል በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ጳጉሜን ግን የራሷ ክፍያ የላትም። የነሐሴው አበል ወደ 35 ቀን ገደማ መዝለቅ አለበት፣ ያውም እንቁጣጣሽን ተሸክሞ። ብዙ ጡረተኞች ብድር የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

በወር 6,000 ብር አበል የሚያገኙ እናት አሉ እንበል። ለሦስት በዓላት 12,000፣ ለዕድር 2,400፣ ለቤት ጥገናና ለድንገተኛ ሕክምና 4,800 ብር በዓመት ያስፈልጋቸዋል። ድምሩ 19,200፣ በወር ሲካፈል 1,600 ብር ነው። ስለዚህ የወር ገቢያቸው 6,000 ሳይሆን 4,400 ነው። 1,600ው አበሉ በገባ ቀን ወደ ሌላ የቁጠባ ደብተር ይዛወር፤ ቤት ከዋለ የልጅ ልጅ ያገኘዋል!

ባንክ ያስቀመጡት 120,000 ብርም አለ። በየወሩ 2,000 ካወጡ፣ ወለዱን ሳንቆጥር፣ በ5 ዓመት ያልቃል። በ7 በመቶ ወለድ በወር 700 ብር ያህል ብቻ ቢያወጡ ዋናው አይነካም። ችግሩ የዋጋ ንረት ነው፤ ንረቱ ከወለዱ ከበለጠ ያ 120,000 የሚገዛው በየዓመቱ ይቀንሳል። ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱን አውጥቶ፣ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባና ዋጋው ሲረግብ የመንፈቅ ጤፍ መሸመት ይሻላል። በየወሩ በኪሎ መግዛት እጅግ ውድ ነው።