ከበባ የሚጸናው በመሀሉ ነው

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት፣ በደቡብ ኢጣሊያ ካኔ በምትባል ስፍራ፣ ሮማ እስከዚያ ዘመን ካሰለፈችው ሁሉ የበለጠ ሠራዊት አሰለፈች። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዩስ እንደሚነግረን የሮማ እግረኛ 80 ሺህ፣ ፈረሰኛው ደግሞ 6 ሺህ ያህል ነበር። የካርቴጁ የጦር መሪ ሃኒባል የነበረው 40 ሺህ እግረኛና 10 ሺህ ፈረሰኛ ነው። ቀኑ ሳይመሽ የሮማ ሠራዊት አለቀ። የሟቹን ቁጥር አነስ አድርጎ የሚያቀርበው ሊቪየስ እንኳ 48 ሺህ ግድም ያደርሰዋል። በእግረኛ ብዛት እጥፍ የሆነውን ጠላት፣ ግማሽ የሆነው ወገን ዙሪያውን ከቦ ፈጀው። ከዚያ ወዲህ የጦር አዛዦች ሁሉ ይህን ድል ሲያጠኑና ለመድገም ሲመኙ ኖረዋል።

ምኞቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሰልፍ እንዴት እንደሚዋጋ ማየት ያስፈልጋል። የተሰለፈ ጦር ጋሻውም ጦሩም፣ ዓይኑም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ጉልበቱ ያለው በፊቱ ሲሆን ጎኑና ጀርባው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ጦር ፊት ለፊት ሲገጥም የሚዋጉት የፊተኞቹ ተራዎች ብቻ ናቸው፤ የኋለኞቹ የወደቀውን ይተካሉ። የተሸነፈው ወገን ቢሸሽም የሚያሳድደው ይደክምና አብዛኛው ያመልጣል፤ ያመለጠውም ተሰብስቦ በሌላ ቀን ይመለሳል። አዛዡ አሸነፈ እንጂ ነገሩ አላለቀም።

በአንድ ጎን ዞሮ መምታት ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም የተመታው ጦር ወደ ሌላው ጎን ያፈገፍጋል፣ ወይም ዞሮ አዲስ ግንባር ይሠራል። በሁለቱም ክንፍ ሲከበብ ግን መዞሪያ ያጣል። ወደ ቀኝ ቢዞር ግራው ይጋለጣል፣ ወደ ግራ ቢዞር ቀኙ። የማፈግፈጊያ መንገዱ ይዘጋል፤ ትእዛዝም ስንቅም አይገባም። ከሁሉም የከፋው መታፈኑ ነው። ከውጭ ያሉት ወደ ውስጥ ሲገፉ መሀል ያለው ወታደር ሰይፉን ለመሰንዘር እንኳ ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። ብዛት ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

ታዲያ ይህን ያህል ፍሬ ያለው ስልት በየውጊያው የማይሞከረው ስለምን ነው? ክንፎቹ ረጅም መንገድ ዞረው እስኪገጥሙ ድረስ መሀሉ ብቻውን የጠላትን ሙሉ ጉልበት ስለሚሸከም ነው። ሰው ወደ ክንፍ ባከፋፈሉ ቁጥር መሀሉ ይሳሳል። መሀሉ ቀድሞ ከተበሳ ከባቢው ራሱ ለሁለት ተቆርጦ በየተራው ይመታል። ሃኒባል ይህን በገዛ ዓይኑ አይቶታል። ከካኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በትሬቢያ ወንዝ ዳር ሮማውያንን በጎንና በጀርባ መቶ አሸነፈ፤ ነገር ግን 10 ሺህ ያህል ሮማውያን መሀሉን በርቅሰው፣ ሰልፋቸውን ሳይበትኑ ከተማ ገቡ። የካኔ አሰላለፍ ለዚያ ቀዳዳ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

በካኔ የዕለቱ አዛዥ ቆንስል ቫሮ እግረኛውን አጥብቦና ጥልቀት ሰጥቶ፣ ተራ በተራ ላይ ደርቦ አሰለፈ። ሐሳቡ በብዛት ገፍቶ የሃኒባልን መሀል መደርመስ ነበር። ሃኒባልም ጠላቱ የፈለገውን መሀል አቀረበለት። የጋልና የስፔን እግረኞቹን በመሀል አደረገ፤ ሰልፋቸውም ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ጠላት የጎበጠ ነበር። ከነሱ ግራና ቀኝ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ፣ በተማረከ የሮማ ትጥቅ የታጠቁትን የአፍሪቃ እግረኞች አቆመ፤ እነዚህ ምርጦቹ ነበሩ። ከነሱ ውጭ በወንዙ በኩል በሃስድሩባል የሚመራ ከባድ ፈረሰኛ፣ በሜዳው በኩል የኑሚዲያ ፈረሰኛ ተሰለፈ። ራሱ ሃኒባል ከወንድሙ ከማጎ ጋር የቆመው በመሀል፣ በደካማው ስፍራ ነው።

ውጊያው ሲጀመር ሮማውያን ጉብታውን ገፉት። ጋሎቹና ስፔኖቹ እየተዋጉ ወደኋላ ሄዱ፤ ጉብታው ተስተካከለ፣ ቀጥሎም ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ድል የቀረበ የመሰላቸው ሮማውያን ከየጎኑ ወደዚያው ጉድጓድ ተጨናንቀው ገቡ። ሳያውቁት በሁለቱ የአፍሪቃ ጦሮች መካከል አለፉ ማለት ነው። አፍሪቃውያኑ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ዞረው በሁለቱም ጎን ገጠሟቸው። በዚህ መካከል ሃስድሩባል የሮማን ፈረሰኛ ደምስሶ በሰልፉ ጀርባ ዞረና በሌላው ክንፍ ያለውን የሮማ አጋር ፈረሰኛ አስበረገገ። የሸሸውን ማሳደድ ለኑሚዲያዎቹ ትቶ የሮማን እግረኛ ከጀርባ መታ። ቀለበቱ ተገጠመ።

ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በፖሊቢዩስ ቆጠራ ሃኒባል 5,700 ያህል ሰው ሲያጣ 4 ሺህው ጋሎች ነበሩ። ዝናው ለክንፎቹ ቢሆንም ድሉን የገዛው መሀል ሆኖ እየሞተ ያፈገፈገው ሰልፍ ነው።

ከሮማ ወገን ሆኖ ላየው ምልክቶቹ አልጠፉም ነበር። የተሸነፈ ጦር ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል፤ የካኔው መሀል ግን ፊቱን ሳያዞር ነበር የሚያፈገፍገው። ጎንን የሚጠብቀው ፈረሰኛም ከሜዳው ጠፍቷል። ሰልፉ ወደፊት በሄደ ቁጥር እየተጣበበ ነበር። ይሁንና በአቧራና በጩኸት መሀል፣ ከፊቱ ያለውን ብቻ የሚያይ ወታደር እነዚህን ሦስቱን ሊያገናኛቸው አይችልም፤ አዛዡም ከተረዳ በኋላ ያን ያህል የታጨቀ ሰው የሚያዞርበት መንገድ አልነበረውም።

ከ2,000 ዓመት በኋላ፣ በመድፍና በታንክ ዘመን፣ ስሌቱ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1942 በስታሊንግራድ የቹይኮቭ 62ኛ ጦር በቮልጋ ዳር በጠባብ መሬት ላይ ተጣብቆ በየፎቁ ሲዋጋ፣ የጀርመን 6ኛ ጦር ጉልበቱን ሁሉ ወደ ከተማዪቱ ከተተ። ጎኖቹን በአብዛኛው የያዙት ትጥቃቸው የሳሳ የሩማንያ ጦሮች ነበሩ። ሶቪየቶች ኅዳር ላይ በሁለቱም ጎን ሰብረው ገቡና በአራት ቀን ውስጥ ካላች በምትባል ከተማ አካባቢ ተገናኙ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ተከበበ። በዘመኑ ጦርነት አንድ ቀለበት ስለማይበቃ፣ አንደኛው ወደ ውስጥ የተከበበውን ሲያጠብ ሌላው ወደ ውጭ ዞሮ ለእርዳታ የሚመጣውን ይመክታል። በታኅሣሥ የማንሽታይን ጦር ቀለበቱን ሊከፍት ሞክሮ መንገድ ላይ ቀረ፤ የተከበበው ጦር በየካቲት 1943 መጀመሪያ እጁን ሰጠ።

ሆኖም ከበባ የራሱ ወሰን አለው። መውጫ የሌለው ወታደር ተስፋ በቆረጠ ጉልበት ይዋጋል፤ ጥንታዊው የቻይና የጦር ሊቅ ሱን ዙ ለተከበበ ጦር መውጫ እንዲተውለት የመከረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ወሰን ከሜዳው በላይ ነው። ሮማ ከካኔ በኋላ ለድርድር እምቢ አለች፤ ምርኮኞቿን እንኳ አልዋጀችም። ከወጣቱም ከባሪያውም መልምላ አዲስ ሠራዊት አቆመች። ከካኔ የተረፈው ሲፒዮ ከ14 ዓመት በኋላ ሃኒባልን በአፍሪቃ ምድር በዛማ ድል አደረገው።

ከበባ ፊት ለፊት ያለውን ሠራዊት ያጠፋል፤ ሌላ ሠራዊት የሚያበቅለውን አገር ግን አይከብም። በስታሊንግራድ የተከበበው ጦር መጥፋት ጀርመንን ያዳከማት ቦታውን የሚሞላ ሰውና ትጥቅ ስላጠራት ነው፤ ሮማ ግን የሚሞላ ነበራት። ስለዚህ በሁለት ክንፍ ሊከብ የሚነሳ አዛዥ ክንፎቹን ከማሰማራቱ በፊት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ቀለበቱ እስኪገጥም መሀሌ ይቆማል ወይ? ከገጠመስ በኋላ ጠላቴ ሌላ የሚያሰልፈው አለው ወይ? ሃኒባል የመጀመሪያውን ማንም ባልበለጠው ብቃት መለሰ፤ ጦርነቱን ያጣው በሁለተኛው ነው።