ቦርሳዬን ለመለሰልኝ ሰው ምን ብዬ ልጻፍ?

ቅዳሜ ማታ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የኪስ ቦርሳዬ ወደቀብኝ። በውስጡ 1,800 ብር፣ መታወቂያዬ፣ የኤቲኤም ካርዴና የሟች እናቴ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበሩ። እሁድ ጠዋት ልብስ ሰፊዬ ደወለልኝ። የታክሲው ረዳት ቦርሳውን ከወንበር ሥር አግኝቶ ሲከፍተው የልብስ ሰፊውን ደረሰኝ አይቶ፣ ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ሜክሲኮ ተገናኘን። 500 ብር ዘረጋሁለት። «ኧረ ጋሼ፣ ለዚህማ አልቀበልም» አለና ሮጦ ሄደ። በደንብ እንኳ ሳላመሰግነው ቀረሁ፤ ስልክ ቁጥሩ ግን እጄ ላይ ነበር።

ማታ ተቀምጬ መጀመሪያ የጻፍኩት «ላደረጉልኝ ከፍተኛ ትብብር ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» የሚል ነበር። ሳነበው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሆነብኝ። ስብሰባ ላይ ለተገኘም፣ ወንበር ላዋሰም ይጻፋል። ረዳቱ ያደረገው ነገር ውስጡ የለም።

ያደረገው ምን ነበር? እኔን ለማግኘት ሲል ታክሲው ተራውን ለሌላ መኪና ለቅቋል። ለረዳት ተራ መልቀቅ ማለት የአንድ ምልልስ ገቢ ማጣት ነው። ምስጋናው ይህን ማየቴን መንገር ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣብኝ ጥያቄ ስለ ብሩ ላንሳ ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ነው። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች ከ17,000 በላይ የኪስ ቦርሳዎችን «ወድቀው አገኘናቸው» እያሉ በባንክ፣ በሆቴልና በመሳሰሉት ቦታዎች ለሚሠሩ ሰዎች ሰጡ። በአብዛኞቹ አገሮች ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ባዶ ከሆነው ይልቅ ለባለቤቱ ተመለሰ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ስለ ቁልፉ ያገኙት ነው። ቁልፍ ለባለቤቱ እንጂ ላገኘው ሰው ምንም አይጠቅምም፤ ሆኖም በሞከሩባቸው አገሮች ቁልፍ የተጨመረበት ቦርሳ የመመለስ ዕድሉ ከፍ አለ። ያገኘው ሰው የባለቤቱን ጭንቀት ያስባል ማለት ነው። ስለዚህ ብሩን ትቼ የእናቴን ፎቶግራፍ ጻፍኩ። ብሩን ሠርቼ አገኘዋለሁ፤ እሱን ግን የትም አላገኘውም ነበር።

አጠራሩም ያስቸግራል። አማርኛ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ሳይል ሰውን አያመሰግንም። እሱ ጋሼ ብሎኛል፣ ዕድሜውም ከእኔ ያንሳል፤ ስለዚህ «ወንድሜ» ብዬ በአንተ ጻፍኩለት። ያገኙት አንዲት እናት ቢሆኑ ኖሮ «እናቴ» ብዬ በእርስዎ እጽፍ ነበር። ምርቃቱንም መጠንቀቅ ይገባል። የማናውቀው ሰው ሃይማኖት አይታወቅምና «ፈጣሪ» ማለት ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል።

ርዝመቱን ስልኩ ራሱ ይወስነዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ የሁለት መልእክት ሒሳብ ይሆናል። የላክሁት ይኸው፦

«ወንድሜ፣ እሁድ ሜክሲኮ ላይ ቦርሳዬን የመለስክልኝ ሰው ነኝ። የሟች እናቴ ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ተራህን ለቀህ ስለመጣህ ፈጣሪ ብድርህን ይክፈልልኝ።»

ከ90 ፊደል ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለት መልእክት ሆነ። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሬን መዝግቦት ላይሆን ይችላል፤ ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣ መልእክት ደግሞ ማጭበርበሪያ ይመስላል።

ሰዎች «ፎቶውን ለጥፈህ ሕዝብ ያመስግነው» አሉኝ። ሳልጠይቀው አላደርገውም። የሰው ገንዘብ የሚመልስ ረዳት ተብሎ ስሙና መልኩ ሲወጣ ማን ምን ብሎ እንደሚደውልለት አላውቅም። ይልቅ ቢፈቅድልኝ፣ ቀኑንና ያደረገውን ጽፌ ለታክሲው ባለቤት ብሰጥለት ለእንጀራው ይጠቅመዋል። አስተናጋጅ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ዕቃ ከመለሰችላችሁም ለአለቃዋ ሁለት መስመር ጻፉላት።

ከመላኬ በፊት ግን አመንትቼ ነበር፤ «ምን ያንዛዛዋል» እንዳይለኝ ፈራሁ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ተቀባዩ ያፍራል ብለው ከሚገባው በላይ እንደሚሰጉ፣ ደስታውን ደግሞ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። የእኔም ስጋት ከዚያው ነበር።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሱ መጣ፦ «የእናትዎን ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።»