ሰባቱ ፊደል ከየት ይመጣል?

በአማርኛ ዊኪፔድያ «አዲስ አበባ» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ አድራሻውን ወደ ቴሌግራም ብትገለብጡት፣ የከተማዋ ስም ብዙ ጊዜ የመቶኛ ምልክት የወረረው ረጅም ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ አንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻ ላይ ሲጻፍ ሦስት ምልክት ይፈጃል። «አ» ብቻዋን `%E1%8A%A0` ናት። ስድስቱ ፊደላት 54 ምልክት ሆኑ ማለት ነው።

ታይኒዩአርኤል በ2002፣ ቢትሊ ደግሞ በ2008 የመጡት እንዲህ ያለውን ረጅም ሊንክ በአጭር ኮድ ለመተካት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ረጅሙን ተቀብሎ አጭር መስጠት፣ አጭሩን የነካውን ሰው ወደ ረጅሙ መውሰድ። በሶፍትዌር ኩባንያዎች የሲስተም ዲዛይን ቃለ መጠይቅ ላይ ደጋግሞ የሚነሳውም ለዚሁ ነው። ጠያቂው «ሊንክ ማሳጠሪያ ንደፊልኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ተወዳዳሪዋ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኮድ ሳትጽፍ፣ ሰሌዳ ላይ እየሣለች ማስረዳት አለባት።

ቸኩላ ሣጥንና ቀስት መሣል ከጀመረች ግማሹን ተሸንፋለች። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት እነዚህን ነው፦ በወር ስንት አዲስ ሊንክ ይፈጠራል? ሊንኩ ጊዜው ያልፍበታል? ስንት ጊዜ እንደተነካ መቆጠር አለበት? ጠያቂው «በወር 100 ሚሊዮን፤ አምስት ዓመት ይቆይ፤ ለአንድ ፈጠራ መቶ ንባብ ገምቺ» አላት እንበል። 100 ሚሊዮን ለወሩ ሰከንዶች ሲካፈል በሰከንድ 39 ገደማ አዲስ ሊንክ ነው፤ ንባቡ በሰከንድ 3,900 ገደማ። በአምስት ዓመት 6 ቢሊዮን ሊንክ ይከማቻል። አንዱ መዝገብ 500 ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 3 ቴራባይት ነው። ብዙ ተወዳዳሪዎች እዚህ ሲደርሱ ዳታቤዙን በመቶ ማሽን ላይ መበተን ያምራቸዋል። ቁጥሩ ግን እንዲያ አይልም፤ 3 ቴራባይት ዛሬ አንድ ጠንካራ ማሽን የሚችለው ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው።

ኮዱ የሚሠራው ከአሥሩ አኃዞችና ከ52ቱ የላቲን ትንሽና ትልቅ ፊደላት፣ ባጠቃላይ ከ62 ምልክቶች ነው። ስድስት ቦታ ቢኖረው ወደ 57 ቢሊዮን የተለያየ ኮድ ይወጣዋል፤ ሰባት ቢኖረው 3.5 ትሪሊዮን። ለ6 ቢሊዮን ሊንክ ሰባት ከበቂ በላይ ስለሚመስል፣ የአብዛኛው ተወዳዳሪ የመጀመሪያ ሐሳብ «በዘፈቀደ ሰባት ምልክት እናውጣ፤ ተመሳሳይ የመውጣቱ ዕድል ኢምንት ነው» የሚል ነው።

ኢምንት አይደለም። ከተመዘገቡት ሊንኮች መካከል ማንኛቸውም ሁለቱ ሊገጥሙ ስለሚችሉ፣ የጥንዶቹ ብዛት ከሊንኮቹ ብዛት እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ከ3.5 ትሪሊዮን ኮድ በዘፈቀደ ሲወጣ የመጀመሪያው ግጭት የሚጠበቀው 2.3 ሚሊዮን ገደማ ሊንክ ላይ ነው። በሰከንድ 39 ለሚፈጥር አገልግሎት ይህ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከ590 ገደማ አዲስ ኮድ አንዱ የተያዘ ይሆናል፤ በየ15 ሰከንዱ አንድ ግጭት ማለት ነው።

«እንግዲያው ኮዱ መያዙን አስቀድመን እንፈትሽ» ቢባልስ? ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት አንድን ኮድ ፈትሸው ሁለቱም «ነፃ ነው» ሊባሉ ይችላሉ፤ ከዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ሊንክ ደምስሶ ይጽፍበታል። ስህተት የሚል መልእክት አይታይም፤ የሚታወቀው አንድ ደንበኛ የሠርግ ጥሪ ብሎ የላከው ሊንክ የማያውቀው ሱቅ ሲከፍትበት ነው። ስለዚህ ውሳኔው ለዳታቤዙ ይተዋል። የኮዱ ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ተደርጎ ሰርቨሩ በቀጥታ ይጽፋል፤ ዳታቤዙ እንቢ ካለው ሌላ ኮድ አውጥቶ ይሞክራል።

ግጭትን ከሥሩ የሚነቅለው ሌላኛው መንገድ ቆጣሪ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ሊንክ ተራ ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩም በ62 ምልክቶች ይጻፋል፦

```
1000000000 -> 15FTGg
1000000001 -> 15FTGh
```

ሁሉም ሰርቨር ለእያንዳንዱ ሊንክ ወደ አንድ ቆጣሪ ከሮጠ ግን፣ ቆጣሪው ሲወድቅ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ለቲኬት ቆራጭ ተከታታይ ቁጥር ያለው ጥራዝ እንደሚሰጠው፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር አሥር አሥር ሺህ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይታደላል። ሰርቨሩ ጥራዙን ሳይጨርስ ቢሞት የቀሩት ቁጥሮች ባክነው ይቀራሉ። ከ3.5 ትሪሊዮን ላይ ይህ የሚያሳስብ ኪሳራ አይደለም።

የቆጣሪው ችግር ከላይ በሁለቱ መስመሮች ላይ ይታያል፤ የዛሬውን ኮድ ያገኘ ሰው ቀጣዩን ያውቃል። ደግሞም ኮዶቹ አጭር ከሆኑ ቅደም ተከተል ባይኖራቸውም ይገመታሉ። በ2016 ተመራማሪዎቹ ማርቲን ጆርጂዬቭና ቪታሊ ሽማቲኮቭ አጫጭር ኮዶችን በዘፈቀደ እየሞከሩ ወደ ሰዎች የዋንድራይቭ ፋይሎች መግባት እንደሚቻል አሳዩ። አምስት ምልክት ከነበራቸው የጉግል ካርታ ሊንኮች ደግሞ ማን ወደ የትኛው ሐኪም ቤት መንገድ እንደፈለገ መገመት ይቻል ነበር። ጉግልም የካርታ ኮዶቹን አስረዘመ። የቆጣሪውን ቁጥር አንድ ለአንድ በሚያወዛውዝ ስሌት ማሳለፍ ተራውን ይደብቃል እንጂ ሊንኩን ምስጢር አያደርገውም። ጥሩ ተወዳዳሪ ይህን ሳትጠየቅ ትናገራለች።

አጭሩን ሊንክ ለነካ ሰው ሰርቨሩ የሚሰጠው መልስም ምርጫ አለው። `301` «ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል» ማለት ነው፤ ብራውዘሩ ይህን ሊያስታውሰውና በሚቀጥለው ጊዜ እኛን ሳይጠይቅ ሊሄድ ይችላል። ሰርቨሩ ያርፋል፤ ቆጠራው ግን ይጎድላል፤ መድረሻውን በኋላ ማስተካከልም ያስቸግራል። `302` «ለጊዜው» ስለሚል ብራውዘሩ እንደተለመደው በየጊዜው ወደ እኛ ይመለሳል። ጠያቂው መጀመሪያ ላይ «ይቆጠር» ካለ መልሱ `302` ነው።

ንባቡ ከጽሕፈቱ መቶ እጥፍ በመሆኑ ለማስፋፋት መጀመሪያ የሚጨመረው ካሽ ነው፤ ብዙ የሚነኩ ሊንኮችን በማስታወሻ ውስጥ የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ። አሥር ሚሊዮን ሊንክ በ500 ባይት 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። የቀረውን ንባብ የዳታቤዙ ቅጂዎች ይካፈሉታል፤ ዋናው ዳታቤዝ የሚቀበለው ጽሕፈት ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠያቂዎች የሚወዱት ወጥመድ አለ። ቅጂዎቹ ከዋናው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሊንኩን አሁን የፈጠረ ሰው ወዲያው ሲነካው ቅጂው ገና ስላልደረሰው «አልተገኘም» ይላል። ካሹ ያንን «አልተገኘም» ይዞ ለአንድ ሰዓት ካስቀመጠው ደግሞ፣ ዳታው ቅጂው ላይ ከደረሰ በኋላም ሊንኩ ሙት ሆኖ ይቆያል። ቅጂው ያጣውን ሁሉ ዋናውን ዳታቤዝ መጠየቅ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ኮድ እየገመተ የሚሞክር ፕሮግራም ያንን በር አግኝቶ ዋናውን ሊያጨናንቀው ይችላል። የተሻለው፣ ሊንኩ ሲፈጠር ዳታቤዙ ላይ እንደተጻፈ ወዲያው ካሹም ላይ ማስቀመጥ፣ የ«አልተገኘም» መልስንም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አለማቆየት ነው።