አንድ ዘንቢል፣ ሦስት ዋጋ

አንዲት ደንበኛ ከኦንላይን ሱቅ የ2,400 ብር ጫማና የ1,600 ብር ቦርሳ መርጣ ሂሳብ ልትከፍል ነው እንበል። ድምሩ 4,000 ብር ነው። ሁለት ኩፖኖች አሏት፤ አንደኛው 20 በመቶ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ደግሞ 3,500 ብርና ከዚያ በላይ ለገዛ ሰው 500 ብር ይቀንሳል። ስንት ትክፈል?

መልሱ ኩፖኖቹ በሚሰሉበት ቅደም ተከተል ይወሰናል። በመቶኛው ከቀደመ 4,000 ወደ 3,200 ይወርዳል፤ 500 ሲነሳለት 2,700 ይቀራል። 500 ብሩ ከቀደመ ግን 3,500 ይሆንና 20 በመቶው ከዚያ ላይ ይታሰባል፤ 2,800 ትከፍላለች። ሦስተኛም መንገድ አለ። ሱቁ የ3,500 ብሩን መነሻ የሚያጣራው ከመጀመሪያው ቅናሽ በኋላ ከሆነ፣ 3,200 መነሻውን ስለማያሟላ ሁለተኛው ኩፖን ይወድቅና ሂሳቧ 3,200 ብር ይሆናል። ዘንቢሉ ያው ነው፤ ዋጋው ግን ሦስት ነው። ሱቁ ደንቡን አስቀድሞ ካልጻፈ ምርጫውን የሚያደርገው ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ነው፤ እሱም ሳያስበው ሊሆን ይችላል።

እኔ የምደግፈው የመጀመሪያውን ነው፤ በመቶኛው ይቅደም፣ መነሻውም በተለጠፈው ዋጋ ይመዘን። ገዢ «20 በመቶ» ሲባል የሚታየው የተለጠፈው ዋጋ ነውና። ባለሱቁ ይህ ከበዛበት ኩፖኖቹ አብረው እንዳይሠሩ መከልከል፣ ወይም የቅናሹን ጠቅላላ ድምር በጣሪያ መገደብ ይችላል። በስሌቱ ውስጥ ተደብቆ መቀነስ ግን ልክ አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ዕቃ ሲመለስ ነው። ደንበኛችን 2,700 ከፍላ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ቦርሳውን መለሰች። ሱቁ የተለጠፈውን 1,600 ብር ከመለሰላት ጫማው በ1,100 ብር እጇ ላይ ቀረ ማለት ነው። ባለሱቁ ጫማውን በ1,400 አምጥቶት ከነበረ 300 ብር ከኪሱ ወጣ። ይህን ቀዳዳ ያወቀ ሰው መነሻውን ለመሙላት ብቻ ቦርሳ ይጨምራል፤ ኩፖኑ ከሠራለት በኋላ ይመልሰዋል።

መድኃኒቱ ቅናሹን ገና በሽያጩ ሰዓት በየዕቃው ላይ ማከፋፈል ነው። ጠቅላላ ቅናሹ 1,300 ብር ነበር። ጫማው የዘንቢሉን 60 በመቶ ስለሚይዝ 780 ብር፣ ቦርሳው 520 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ ቦርሳው የተሸጠው በ1,080 ብር ነው፤ ሲመለስም ተመላሹ 1,080 ነው። ጠበቅ ያለው ደንብ ከዚህም ይሄዳል፦ ጫማው ብቻውን ቢገዛ የ500 ብሩ ኩፖን አይገባውም ነበር፤ 1,920 ብር ይከፈልበት ነበር፤ ስለዚህ ከ2,700 ላይ 780 ብቻ ይመለስ ይላል። ቦርሳው ተበላሽቶ ከመጣ ጥፋቱ የሻጩ ነውና 1,080 ይመለስ። ገዢዋ ሐሳቧን ቀይራ ከሆነ ግን 780 ፍትሐዊ ነው፤ ይህ ግን ከመክፈሏ በፊት ተጽፎ ካየችው ብቻ ነው።

ሌላው ቀዳዳ የሚከፈተው በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ነው። ሱቁ «ለመጀመሪያዎቹ 100 ገዢዎች» የሚል ኩፖን አወጣ፤ 99ኙ አልቀዋል። ሁለት ሰዎች እኩል ቁልፉን ተጫኑ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ቀሪ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ከዚያ ለብቻው የሚቀንስ ከሆነ ለሁለቱም «አንድ አለ» ይላል፤ ሁለቱም ያልፋሉ። ማጣራቱና መቀነሱ ሊነጣጠል የማይችል አንድ እርምጃ መሆን አለበት። እንደ ቴሌብር ባሉ መንገዶች ገዢው የሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስገባ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ኩፖኑ ለምሳሌ ለ15 ደቂቃ በስሙ ተይዞ ይቆይ፤ ክፍያው ካልተሳካ ለሌላው ይለቀቅ። ቀዳዳው መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፦ ማታ በኩፖኑ የተፈጸሙ ትእዛዞችን ቁጠሩ፤ ከ100 በለጡ ከሆነ አለ ማለት ነው።

«ለአዲስ ደንበኛ» የሚባለው ኩፖን ደግሞ በተደጋጋሚ አካውንት ይበዘበዛል። ጂሜይል በአድራሻ ስም መካከል ያለችን ነጥብ ስለማይቆጥር፣ አንድ ሰው ነጥቧን እያዘዋወረ በአንድ የመልእክት ሳጥን ብዙ «አዲስ ደንበኞች» ይሆናል። በአጭር መልእክት የተረጋገጠ ስልክ ቁጥር መጠየቅ ይህን በብዛት ይቀንሰዋል። የማድረሻ አድራሻን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ በአንድ ግቢ እናት፣ ልጅና ተከራይ ይኖራሉ፣ ሦስቱም እውነተኛ አዲስ ገዢ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥርጣሬ ሲኖር ኩፖኑ ብቻ ይነሳ፣ ምክንያቱም ይነገር እንጂ ግዢው አይታገድ።

እናንተም ሁለት ኩፖን ይዛችሁ ስትገዙ «ክፈል» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት በየዕቃው ላይ የተቀነሰውን ብር ተመልከቱ። ደረሰኙ ያንን ካላሳየ፣ ዕቃ ብትመልሱ ስንት እንደሚመለስላችሁ ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።