የቪዲዮውን ቀን ማን ጻፈው?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርና ኤፍቢአይ ጄፍሪ ኤፕስታይን በሞተበት ሌሊት፣ በ2019፣ የኒውዮርክ እስር ቤት ካሜራ የቀረጸውን 11 ሰዓት የሚጠጋ ቪዲዮ ለቀቁ። ያልተነካ ጥሬ ቅጂ ነው ተባለ። ዋየርድ መጽሔት የፋይሉን ሜታዳታ ሲመረምር ግን ቢያንስ ሁለት ቁርጥራጮች ተቀጥለው የተሠራ፣ በሜይ 23 ቀን 2025 ተደጋግሞ የተቀመጠና አዶቢ ፕሪሚየር በተባለው ማቀናበሪያ ሳያልፍ ያልቀረ ሆኖ አገኘው። ወሬው ከዚህ በኋላ ክንፍ አወጣ። «ሜታዳታው ሰውየው መገደሉን አረጋገጠ» ባዮች በረከቱ፤ ሌሎች ደግሞ «ሜታዳታ ማንም የሚቀይረው ነገር ነው፣ ዋጋ የለውም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም አንድ ነው። ሜታዳታውን ስለ ሌሊቱ የሚናገር ምስክር አድርገው አይተውታል። እሱ ግን የሚናገረው ስለ ፋይሉ ነው።

የቪዲዮ ፋይል ከምስሉና ከድምፁ ሌላ ስለ ራሱ የሚገልጹ መረጃዎች እንደሚይዝ አብዛኛው አንባቢ ያውቃል፤ የመሣሪያው ስም፣ ምስሉ የታመቀበት ኮዴክ፣ የምስሉ ስፋት፣ የተፈጠረበት ቀን። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ቀኑ ስለሆነ እኛም እዚያው እንቆይ። በ MP4 ፋይል ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው ሳጥን በሚባሉ ክፍሎች ነው። ቀኑን የሚይዘው ዋናው ሳጥን mvhd ይባላል። በውስጡ ያለው ግን ቀን ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉት ሰከንዶች ብዛት። 1904 የመጣው ከአፕል የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች የጊዜ አቆጣጠር ሲሆን፣ የ MP4 አሠራር ከአፕሉ ኩዊክታይም ስለተወለደ አብሮ ተወረሰ። 3830803200 የሚል ቁጥር ብናገኝ ሜይ 23 ቀን 2025 እኩለ ሌሊት ማለት ነው። ቀኑን መሙላት ያልፈለገ ፕሮግራም ዜሮ ይጽፋል፤ አንባቢው ሶፍትዌርም ቪዲዮው በ1904 እንደተቀረጸ አድርጎ ሊያሳየን ይችላል። እንዲህ ያለ ቀን ሲታይ «ተጭበርብሯል» ብሎ መጮህ አያስፈልግም፤ ቦታው ባዶ ነው ማለት ብቻ ነው።

ቁጥሩ መጻፍ ያለበት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ሜታዳታው ላይ ሐሙስ 23:00 ተብሎ ይገኛል። «ድርጊቱ ሳይፈጸም አንድ ቀን ቀድሞ የተቀረጸ ነው» የሚል ክስ ሲሰማ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው። ደንቡን ሳይከተሉ በቀጥታ የአካባቢ ሰዓት የሚጽፉ ካሜራዎች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ከቁጥሩ ብቻ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በተጨማሪም ስልክ በሚቀርጽበት ጊዜ ምስሉ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ mvhd ያለበትን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ አንድሮይድ ስልኮች «የተፈጠረበት ሰዓት» የሚባለው ቀረጻው ያበቃበት ሰዓት ነው፤ አይፎን ግን የተጀመረበትን ያስቀምጣል። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ላይ ልዩነቱ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለፍርድ ቤት ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሳጥኑን የሚሞላው ካሜራው ብቻ አለመሆኑ ነው። ፋይሉን እንደ አዲስ የጻፈ ፕሮግራም ሁሉ የራሱን ይሞላል። ፖስታ ላይ ያለ ማኅተም ደብዳቤው በፖስታ ቤቱ ያለፈበትን ቀን እንጂ የተጻፈበትን እንደማይናገር ማለት ነው። ዋትሳፕ ቪዲዮን በተለመደው መንገድ ሲልክ እንደገና ያምቀዋል፤ የስልኩ ስም በዚያው ይጠፋል። VID-20250523-WA0007.mp4 የሚለው የፋይል ስምም ቪዲዮው በዋትሳፕ ያለፈበትን ቀን እንጂ የተቀረጸበትን አይገልጽም። ከዩቲዩብ የወረዱ የቆዩ ፋይሎች ውስጥ «IsoMedia File Produced by Google, 5-11-2011» የሚል ጽሑፍ በብዛት ይገኛል፤ በተለያየ ጊዜ የተጫኑ ቪዲዮዎች ይህንኑ አንድ ቀን ተሸክመው ይዞራሉ፤ ስለ ቪዲዮው ይዘት የሚለው አንዳች ነገር የለም። ፋይል ውስጥ ያሉትን ቀኖች በሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ኤግዚፍቱል በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ይጠይቃል፤

```
exiftool -time:all -a -G0:1 -s video.mp4
```

«ይኸው ፕሮግራም ቀኑን መቀየርም ስለሚችል ታዲያ ምን ፋይዳ አለው?» ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። አንድ ቀን መቀየር ቀላል ነው። የፋይሉ ዱካ ግን አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ የምስሉ ክፍል የራሱ ቀን አለው፣ የድምፁም እንዲሁ፤ የሳጥኖቹ ቅደም ተከተልም ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ይለያያል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው መቀየሪያ በፋይሉ ውስጥ Lavf የሚል ፊርማ ይተዋል። «ከአይፎኔ በቀጥታ የወጣ ነው» በተባለ ፋይል ውስጥ ይህ ፊርማ ከተገኘ አባባሉ ፈርሷል፤ ምስሉ ግን አልፈረሰም። ኮዴክም እንዲሁ ነው። ኤችኢቪሲ የተባለው ኮዴክ ደረጃ ሆኖ የወጣው በ2013 ነው፤ ስለዚህ በዚህ ኮዴክ የታመቀ ፋይል የ2010 ጥሬ ቅጂ ሊሆን አይችልም። ትዕይንቱ ግን የ2010 ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ተለውጦ ይሆናላ። ሜታዳታ እንግዲህ አንድን አባባል ለማፍረስ ጎበዝ ነው፤ ለማጽናት ሲጠሩት ግን ደካማ ነው። ሁሉም ነገር ከስልኩ ዓይነት ጋር ቢስማማ እንኳ «የሚቃረን አልተገኘም» ከማለት አልፎ መሄድ አይቻልም። ሜታዳታ ጨርሶ ባይኖርስ? ያ ጥፋተኝነትን አያሳይም፤ ብዙውን ጊዜ በመልእክት መላላኪያ ማለፉን ነው የሚያሳየው።

ወደ እስር ቤቱ ቪዲዮ ስንመለስ፣ ፕሪሚየር ከሳጥኑ ቀን ሌላ የትኞቹ ቁርጥራጮች እንደተቀጠሉና ፋይሉ መቼ እንደተቀመጠ የሚዘረዝር የራሱን ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይከትታል። ዋየርድ ከዚያ ማስታወሻ ተነሥቶ ከአንዱ ቁራጭ 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ተቆርጦ መቅረቱን አሰላ። መቁረጫው ያረፈው በምስሉ ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ዘልሎ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። «ጥሬ» የሚለው ቃል በዚህ ወድቋል፤ ከእንግዲህ የሚያነሣው የለም። በተቆረጠው ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ማስታወሻው አይናገርም፤ የሚቀጥለው ቁራጭ የያዘውን ያንኑ ጊዜ የሚደግም ትርፍ ሊሆን ይችል ነበር፣ ሌላም ሊሆን ይችል ነበር። መጽሔቱ ራሱ ሆን ተብሎ ለማታለል የተደረገ ለውጥ ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ ጽፏል፤ ወሬኞቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ዘለሉት። በወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ፓም ቦንዲ የጎደለችው ደቂቃ መሣሪያው ሌሊት ሌሊት ራሱን እንደ አዲስ ሲያስጀምር የምትጠፋ ናት ብለው ነበር። በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የቁጥጥር ኮሚቴ ደቂቃዋ ያለችበትን ሌላ ቅጂ ይፋ አደረገ፤ ማብራሪያቸውን ውድቅ ያደረገውም የፋይሉ ሜታዳታ ሳይሆን ይኸው ሁለተኛ ቅጂ ነው።